ለጾመኛዋ ያጎረስኳት አይብ

ቡታጅራ ተመድቤ በመጣሁ በሁለተኛው ሳምንት፣ በተከራየሁበት ግቢ ሴት ልጅ ተወለደች። አከራዬ ባላቸው የሞቱባቸው፣ በስድሳዎቹ ዕድሜ ያሉ ሴት ናቸው፤ እማማ እላቸዋለሁ። የወለደችው የመጨረሻ ልጃቸው ናት። ባሏ አዲስ አበባ ይነግዳል፤ በወር አንዴ ብቅ ብሎ ይመለሳል። እሷ ግን ለወሊድ እናቷ ቤት መጥታ እዚያው ቀረች።

እንኳን ማርያም ማረችሽ ልል ስገባ እማማ በጣታቸው ጫፍ ቅቤ ነክተው የአራሷን ልጅ ከንፈር ያስልሷታል። ባዮሎጂ ልታስተምር የመጣች አዲስ ተመራቂ ይህን አይታ ዝም አትልም። እስከ ስድስት ወር ከጡት በቀር ምንም እንደማይሰጥ ለማስረዳት ጀመርኩ።

«አንቺንም በቅቤ ነው ያሳደጉሽ፣ ልጄ» አሉኝ። «ባይሆን ይህን ሁሉ ወሬ በምን አቅምሽ ታወሪዋለሽ?»

አራሷም ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በግቢው ስሜ ቲቸር ሆነ።

ማስረዳት እወዳለሁ። ክፍሌ ግድግዳ ላይ ሰንጠረዥ ያልወጣለት ነገር አልነበረም፤ የፈተና ቀን፣ ውሃ የሚመጣበት ቀን፣ የክፍል ተራ። አንድ ነገር በአምድና በረድፍ ከገባልኝ የተፈታ ይመስለኛል። ይህን የምጽፈው ራሴን ለመክሰስም ለማጽደቅም አይደለም። የሆነውን በቅደም ተከተል ለማስቀመጥ ነው፤ ሌላ የማውቀው መንገድ የለኝም።

ልጅቷ ሁለት ወር ሲሞላት ጉንጮቿ ቀሉ፤ ቆዩና ሻከሩ። ክርኗና ጉልበቷ እጥፋት ውስጥ ቆዳዋ ይላላጣል፤ ስታክ ታድራለች። እማማ ሙቀት ነው አሉና ቅቤ ቀቧት፤ ባሰባት። ጤና ጣቢያ ቅባት ሰጧት፤ ትንሽ ይሻላትና ይመለሳል። ዐቢይ ጾም ገባ። እናቲቱ የምታጠባ ስለሆነች መጾም እንደማይጠበቅባት ነግረዋት ነበር፤ እሷ ግን ጾመች። ሦስት ሳምንት እንዳለፈ የልጅቷ ፊት እንደ ታጠበ ሳህን ጠራ። ፋሲካ ሆነ፤ እናቲቱ በቅቤ በራሰ ክትፎና አይብ ገደፈች። ሳምንት ሳይሞላ ጉንጮቹ እንደገና ቀሉ።

ይህን ያስተዋሉት እማማ ናቸው። በፍልሰታ እኔ ለዕረፍት ጎጃም ወላጆቼ ጋ ነበርኩ፤ ስመለስ በጾሙ ልጅቷ ሰላም እንደሰነበተች በደስታ ነገሩኝ። መስከረም ላይ ዓመት ሲሞላት፣ ለመስቀል ከታለበው ወተት በማንኪያ ቀምሳ አፏ ዙሪያ ችፍ አለባት፤ አስመለሳት። እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ፤ አላየሁም። ማታ ስገባ ሽፍታው ጠፍቶ ልጅቷ ትጫወታለች። እማማ ግን ወስነው ጨርሰዋል።

«ይቺ ልጅ ጾመኛ ናት» አሉ። «ፍስክ አትፈልግም። እኛ አላወቅንባትም እንጂ እሷ ከተወለደች ጀምሮ ስትነግረን ነበር።»

ከዚያ ወዲህ ጾመኛዋ ተባለች። ጎረቤት ሲመጣ ታሪኳ ይተረካል፤ ልጅቷም ስሟን እንደሰማች ታጨበጭባለች። ቤተ ክርስቲያን ሲወስዷት ሴቶቹ ግንባሯን ይስሟታል። በዚህ ብቻ ቢያበቃ ደግ ነበር። እማማ ግን ጾም አይከፈልም ብለው ከወተቱ ጋር ሥጋውንም እንቁላሉንም ከለከሏት። በእናቷ ጡት ላይ ሽሮና ቂንጬ ብቻ ተጨምሮላት እያደገች ነው ማለት ነው። ጎረምሳ እንኳን በዚያ አይወፍርም። ጥር ላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ስትዞር የልጅቷን ክንድ በዚያች ባለቀለም ሜትር ለካች፤ ቢጫው ላይ ቆመ። አረንጓዴው ደህና ነው፤ ቢጫው ማስጠንቀቂያ ነው፤ ቀዩ አደጋ ነው። እናቲቱ ሠራተኛዋ ከሄደች በኋላ ክፍሌ ድረስ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ቲቸር፣ እውነት ሕፃን ይጾማል?»

ጥያቄው ለእኔ የተፈጠረ ነበር። ሕፃን እንደማይጾም፣ ቤተ ክርስቲያንም እንዲህ እንደማትል፣ ችግሩ ሆድ ውስጥ እንዳለ ነገርኳት። እኔም እንደዚያው ነኝ አልኳት።

እውነቴን ነው፤ እኔን ወተት ያውከኛል። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ አንድ ብርጭቆ ወተት ከጠጣሁ ሰዓት ሳይሞላ ሆዴ ይነፋል፣ ይጮሃል፣ ያስቀምጠኛል። ክሊኒክ ሄጄ ሐኪሟ ሁለት ሳምንት ወተት እንድተው አድርጋ፣ ቀስ በቀስ አስጀመረችኝ። ከዳቦ ጋር ግማሽ ብርጭቆ ምንም አላደረገኝም። እርጎም ተስማማኝ፤ አይብና ቅቤማ ጭራሽ አልተሰማኝም። ምክንያቱን በኋላ በትምህርት አገኘሁት። ወተት ውስጥ ላክቶስ የሚባል ስኳር አለ፤ እሱን የሚሰብረው ላክቴዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። በብዙዎቻችን ላይ ይህ ኢንዛይም ከልጅነት በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል። ያልተሰበረው ስኳር ትልቁ አንጀት ሲደርስ ባክቴሪያዎቹ ያቦኩታል፤ ጋዙም ተቅማጡም ከዚያ ነው። ያስቸግራል እንጂ አይገድልም፤ ጉዳቱም በመጠን ነው። እርጎ ውስጥ ባክቴሪያዎቹ ከስኳሩ ከፊሉን ቀድመው በልተውታል፤ የቀረውንም ለመፍጨት ያግዛሉ። ቅቤ ሲናጥ ስኳሩ ከአሬራው ጋር ይቀራል። አሬራው ሞቆ አይብ ሲሆን ደግሞ ስኳሩ በአብዛኛው ከአጓቱ ጋር ይፈሳል።

ይህ ሁሉ ትክክል ነው፤ ዛሬም ክፍል ውስጥ እንዲሁ ነው የማስተምረው። ስህተቱ ሌላ ቦታ ነበር።

በዚያው ሳምንት በትልቅ ወረቀት ሰንጠረዥ ሠራሁ። አናቱ ላይ «ወተት ለማይስማማቸው» ብዬ በቀይ ጻፍኩ። በአንድ በኩል ትኩስ ወተት፤ በሌላው በኩል በአረንጓዴ እርጎ፣ አይብ፣ ቅቤ። ማንበብ ለማይችሉት ለእማማ ሥዕል ጨመርኩ፤ የአይቡን ሥዕል እሳቸው ጥጥ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። እናቲቱ ሰንጠረዡን እያየች ፊቷ ሲፈካ አየሁ። ልጇ የተመረጠች ሳትሆን እንደኔ ያለች ተራ ሰው ሆነችላት፤ ያን ጊዜ ከዚህ የበለጠ የምትፈልገው ነገር አልነበረም።

እማማ አልተቀበሉኝም። ነገሩ የሆድ ከሆነ ለምን እናቷ ስትጾም ይሻላታል ብለው ጠየቁኝ። ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ፊደል ያልቆጠሩ ሴት ትክክለኛውን ጥያቄ ጠየቁኝ፤ እኔ ደግሞ መልስ ነበረኝ። ሁለት ነገር ተከታትሎ ስለመጣ አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ማለት እንዳልሆነ አስረዳኋቸው። ዶሮ ስለጮኸ አይደለም የሚነጋው አልኩ። ምናልባት አቧራው ነው፣ ምናልባት ብርዱ ነው አልኩ። የመስከረሙንም ሽፍታ ወተቱ ትኩስ ስለነበር ነው አልኩ፤ ሳላየው።

«ዶሮዬ ግን አንድም ቀን ሳይነጋ ቀርቶበት አያውቅም» አሉ።

ሁለተኛው ዐቢይ ጾም ገባ። እናቲቱ ጾመች፤ የልጅቷ ፊት ጠራ። በጾሙ ውስጥ እናቲቱና እኔ ዕቅድ አወጣን፤ በፋሲካ ልጅቷ እንድትገድፍ። በወተት አይደለም፤ በአይብ ከዚያም በእርጎ፣ በትንሽ በትንሹ። እንቁላልና ሥጋ ከዚያ ይከተላሉ። ቀኑን ሰንጠረዥ ላይ አስገባሁት። እማማ ልጃቸው ስትለምናቸው በመጨረሻ እሺ አሉ፤ አንድ ነገር ግን አስቀመጡ።

«እኔ አላጎርሳትም» አሉ። «ያስተማረችው ታጉርሳት።»

የፋሲካ ዕለት ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ሁሉም ተኝተው ተነስተዋል። ረፋዱ ላይ ክትፎው በጣባ ቀረበ፤ ቆጮው ተቆራርጦ፣ አይቡ ለብቻው በሳህን። የእናቲቱ ጸጉር ቅቤ ተቀብቶ ያብረቀርቃል። ልጅቷ አሥራ ዘጠኝ ወር ሆኗታል፤ አዲስ ነጭ ቀሚስ ለብሳ በመካከላችን ትመላለሳለች። የባቄላ ፍሬ የምታክል አይብ በጣቴ ቆንጥሬ አፏ ውስጥ አደረግኩላት። ፊቷን አጨማደደችና ዋጠችው። እናቷ እልል ልትል አፏን ከፈተች።

መጀመሪያ አፏን በእጇ መዳፍ ትጠርግ ጀመር። እየደጋገመች ትጠርጋለች። ከዚያ አገጯ ላይ፣ አንገቷ ላይ፣ ቀሚሱ በሚያልቅበት ክንዷ ላይ ነጫጭ እብጠት ወጣ፤ እሳት የለበለበው ይመስላል። አስመለሳት። የላይኛው ከንፈሯ እያየሁት አበጠ። ማልቀስ ጀመረች፤ ድምፅዋ ግን የራሷ አልነበረም፤ ሻክሯል። ከዚያ ሳል መጣ፤ ከሳሉ በኋላ ትንፋሿ ሲወጣ ያፏጫል። ካጎረስኳት ጀምሮ አምስት ደቂቃ አልሞላም። የማውቀው የሆድ ነገር እንዲህ አይፈጥንም፤ ቆዳ ላይ አይወጣም፤ ጉሮሮ አይዘጋም። ይህን ቆሜ ሳስብ እማማ ልጅቷን ከወለሉ አንስተው እየሮጡ ነበር።

ባጃጅ በር ላይ አገኘን። ሾፌሩ የበዓል ልብሱን ለብሶ ዘመድ ሊጠይቅ ይሄድ ነበር፤ አንዴ አይቶን ምንም ሳይጠይቅ አዞረ። መንገዱ ባዶ ነበር። እናቲቱ ልጇን አቅፋ ስሟን ትጠራለች፤ ልጅቷ አንገቷ እየላላ መልስ አትሰጥም። እማማ ጸሎት ያደርሳሉ። እኔ ምንም አላደረግኩም።

በሆስፒታሉ ተረኛ የነበረው ወጣት ሐኪም ነው። ከንፈሯንና ደረቷን አይቶ ጥያቄ ሳያበዛ ጭኗ ላይ መርፌ ወጋት፤ አድሬናሊን ነው። አፍንጫዋ ላይ ኦክስጅን አደረጉ፤ ግሉኮስ ሰቀሉ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መርፌውን ደገመው። ከዚያ ፉጨቱ እየቀነሰ ሄደ፤ ከንፈሯ ግን እስከ ማታ እንዳበጠ ነበር። ነገሩ ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ ሊመጣ ስለሚችል እንደምታድር ነገረን። ምን እንደበላች ጠየቀ። አይብ አልነው።

«ከዚህ በፊት ወተት ቀምሳ ታውቃለች?»

እናቲቱ የመስከረሙን ነገረችው፤ ሽፍታውን፣ ማስመለሱን። ከዚያ የጉንጮቿን፣ የጾሙን ነገር ነገረችው። ሐኪሙ እየሰማ ራሱን ይነቀንቃል። ታዲያ ለምን አይብ እንደተሰጣት ጠየቀ። እኔ ላክቶስ መስሎኝ ነው አልኩ።

«ምን ትሠሪያለሽ፣ እህቴ?»

«ባዮሎጂ አስተምራለሁ።»

አልሳቀም፤ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ጡት ትጠባ የለ?» አለኝ። «የእናት ጡት ውስጥ ላክቶስ የለም እንዴ?»

አለ። ከላም ወተት ይልቅ በእናት ጡት ውስጥ ላክቶስ ይበዛል። ለተማሪዎቼ ነግሬያቸዋለሁ። ልጅቷ ከተወለደች ጀምሮ በየቀኑ ላክቶስ ጠጥታ ሆዷ አንድም ቀን ተነፍቶ አያውቅም። ደግሞም እናት ጾመችም ገደፈችም በጡቷ ውስጥ ያለው ስኳር አይለወጥም፤ ሊለወጥ የሚችለው እናት ከበላችው ወተት ወደ ጡቷ የሚያልፈው ጥቂት ፕሮቲን ነው። ጉንጮቿ በጾም የሚጠሩት፣ በፍስክ የሚቀሉት በዚያ ነበር። የእኔ ዓይነቱ ችግር ደግሞ በአብዛኛው ከፍ ካሉ በኋላ የሚመጣ እንጂ በጨቅላነት የሚታይ አይደለም። ሦስቱም ነገር ከፊቴ ነበር፤ እማማ አንዱን በእጄ አስጨብጠውኝ ነበር።

ሐኪሙ ለእናቲቱ ቀስ ብሎ አስረዳት። የልጅቷ ሰውነት የወተትን ፕሮቲን እንደ ጠላት ቆጥሮ ይዋጋዋል፤ ይህ የሆድ አቅም ማነስ ሳይሆን አለርጂ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ትንሽ ትልቅ የሚባል መጠን የለም። እርጎ ሲረጋ፣ አይብ ሲወጣ ስኳሩ ይቀንስ እንጂ ፕሮቲኑ አይጠፋም። አይብማ ራሱ ፕሮቲን ነው፤ አጓቱ ሲፈስ ተጠራቅሞ የሚቀረው እሱ ነው። እኔ ከሁሉ መርጬ ያጎረስኳት እንግዲህ ይህንን ነበር። ወተቱን ማፍላት አያድናትም። የፍየል ወተት ይሻላል የሚሏት ቢኖሩ እንዳትሰማ፤ ፕሮቲኑ ተመሳሳይ ነው። ቅቤም ቢነጠር ጥቂት ይቀርበታል፤ እሷን ለመሰለ ልጅ አይሞከርም። የአይብ ማንኪያ ገንፎዋ ውስጥ እንዳይገባ። እናቲቱም እያጠባች እስካለች ድረስ ወተትና ቅቤ እንድትተው፣ በምትኩ ካልሲየም እንድትወስድ አዘዘ። ብዙ ልጆች ሲያድጉ እንደሚተዋቸው ነገራት፤ ግን ቤት ውስጥ ማንም እንዳይሞክርባት። የመርፌው መድኃኒት በየቤቱ የሚያዝ ዓይነት እዚህ እንደማይገኝ፣ እንዲህ ካበጠች ሳይቆዩ ወደዚህ መሮጥ ብቻ እንደሆነም ነገራት።

ከዚያ መብላት ያለባትን ነገራት፤ እኔ በተለይ ይህን በደንብ አዳመጥኩ። ልጅቷ ከስታለች፤ መብላት አለባት አለ። በደንብ የበሰለ ሥጋ ያለ ቅቤ፤ አብዛኞቹን እንዲህ ያሉ ልጆች ሥጋ አይነካቸውም። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ አቮካዶ፣ ዘይት። እንቁላል መጀመሪያ እዚሁ ሆስፒታል ትንሽ ቀምሳ እየታየች።

በማግስቱ ወደ ቤት ገባን። ክፍሌ ገብቼ ሰንጠረዡን አወረድኩት። የተጻፈበት አንድም ቃል ሐሰት አልነበረም፤ ለእኔ ቢሆን ዛሬም እጠቀምበታለሁ። ሁለት የተለያዩ ሰዎችን በአንድ ርዕስ ሥር ማስገባቴ ነው የገደለኝ። አዲስ ሠራሁ፤ ሁለት አምድ፣ ፊት ለፊት፣ ግን የተለያየ። አንዱ የኔ፣ አንዱ የእሷ። በእሷ አምድ ውስጥ ከወተት የተገኘው ሁሉ ቀይ ነበር፤ ከሥሩ ግን የሐኪሙን ምግቦች በአረንጓዴ ደረደርኩ። ይዤ ስሄድ እናቲቱ በሩ ላይ ተቀበለችኝ። ወረቀቱን ወሰደች፤ አመሰገነችኝ፤ ሳትዘረጋው አጥፋ ከሳጥን ሥር አስገባችው።

ሥጋ አልሰጠቻትም። ምስርም በዘይት አልሰጠቻትም፤ ዘይቱ ምን እንደሆነ ማን ያውቃል አለች። ወደ ሆስፒታሉ እንቁላል ለማስቀመስ እንድትሄድ ሦስት ጊዜ ለመንኳት፤ እኔ ከክፍል ቀርቼ አብሬሽ እሄዳለሁ አልኳት። በሦስተኛው ቀና ብላ አየችኝ።

«ሐኪሙም እንዳንቺው ነው የሚናገረው» አለች። «ረጋ ብሎ፤ በሚገባ። አንቺም ስትነግሪኝ እንዲያ ነበርሽ፣ ቲቸር።»

እውነቱን ከሐሰቱ የሚለይ ምልክት በድምፄ ውስጥ አልነበረም።

ወቅቱ ሃምሳ ነው። ከፋሲካ በኋላ ረቡዕና ዓርብ እንኳን አይጾምም። እናቲቱ ቅቤና ወተት ብቻ ተይ ተብላ ሥጋውንም እንቁላሉንም አብራ ተወችው፤ ሁሉም ነገር አስፈራት። ጎረቤት በሃምሳ መጾም ምንድን ነው ብሎ ይጠይቃታል። እማማ እንኳን ይህን መከላከል አልቻሉም፤ በሃምሳ ጾመኛ የሚባል የለምና። ልጅቷን በዚያ ስም መጥራት ተዉ። ሌላ ስም አላወጡላትም። እኔን አንድም ቀን አልወቀሱኝም፤ እንደ ድሮው ደህና አደርሽ ልጄ ይሉኛል። አንድ ማለዳ ብቻ ውሃ ስንቀዳ፣ «እኔ ምክንያቱን አላወቅሁትም» አሉ። «ግን አቆይቻት ነበር።»

ይህም እውነት ነው፤ ግን ሙሉ እውነት አይደለም። እሳቸውም ሥጋውን ነፍገዋት አክስተዋታል። እኔ ልክ ባልሆንም እሳቸውም ልክ አልነበሩም። ይህን ሳልነግራቸው ጀሪካኔን አንስቼ ገባሁ።

የእናቲቱ ጡት እየደረቀ መጣ። እሷ ራሷ በግማሽ ሆድ እየኖረች ምን ልታጠባ? ልጅቷን መራመድ ከበዳት። የምታውቀውን መንገድ፣ ከቤታቸው እስከ ክፍሌ በር፣ ግማሹ ድረስ ሄዳ ትቀመጣለች። አዘውትሬ እጠራታለሁ፤ ታየኛለች፤ አትመጣም። ሰኔ ላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መጣች። ሜትሯን ክንዷ ላይ ጠቀለለች። ቀዩ ላይ ቆመ።

ሠራተኛዋ ደግ ሴት ናት፤ ፈገግ ብላ ይህማ ይስተካከላል አለች። ከቦርሳዋ እሽጎች አወጣች፤ ለከሱ ልጆች የሚሰጠው የለውዝ ቅባት ነው። ውሃ እንኳን አይፈልግም፤ ጫፉን ቀዶ መምጠጥ ነው፤ ብዙ ልጅ በዚህ ተነስቷል አለች። እናቲቱ እሽጉን ተቀበለች። ከፋሲካ ወዲህ በፊቷ ላይ ያላየሁትን ነገር አየሁ። ይህ ምክር አልነበረም፤ በእጅ የሚያዝ ነገር ነው፤ መንግሥት የሰጠው፤ ለውዝ እንጂ ወተት ያልሆነ። ጥርሷን ጫፉ ላይ አሳረፈች።

እኔ ከትምህርት ቤት መግባቴ ነበር። እሽጉን ልየው አልኳት። ሰጠችኝ። ጀርባው ላይ በደቃቅ የተጻፈውን አነበብኩ፤ ለውዝ፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ቀጥሎ የወተት ዱቄት።

አንዴ ደግሜ አነበብኩት። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ተሳስቼ ቢሆን ብዬ የተመኘሁበት ጊዜ የለም።

«ወተት አለበት» አልኩ።

ሠራተኛዋ አላመነችም፤ ወስዳ አየችው። ከዚያ ወደ ኃላፊዋ ደወለች፤ ሆስፒታል ቢያስገቧት እዚያ የሚሰጠው መነሻ ምግብም ወተት እንደሆነ፣ ለእንዲህ ያለች ልጅ የተለየው ዓይነት እነሱ ጋ እንደሌለ ነገሯት። አዲስ አበባ ይጠየቅላት አሏት። ስልኩን ስትዘጋ ዓይኗን ከእኛ አሸሸች።

እናቲቱ እኔን ነው የምታየው።

«ይሄም አይሆንም?»

«አይሆንም።»

እሽጉን ወዲያው መሬት ላይ አስቀመጠችው። አልተከራከረችም፤ ዶክተሩ ምን ይላል አላለችም። ሁለት ወር ሙሉ ትብላ ብዬ ስለምን አንድ ቃሌን ያልተቀበለች ሴት፣ አትብላ ስል በአንድ ቃል አመነችኝ።

«ታዲያ ምን ትብላ፣ ቲቸር?»

ምስር አልኩ። ሥጋ አልኩ። አቮካዶ አልኩ። ስናገር ይሰማኛል፤ ረጋ ብዬ፣ በሚገባ እየተናገርኩ ነበር። እሷ አልሰማችኝም። ልጇን አንስታ በጀርባዋ ታዝላለች።

በማግስቱ ጠዋት ባሏ ዘንድ ለመሄድ ተነሳች። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው፤ እማማ ልጅቷን አዝለው፣ እኔ ዘንቢሉን ይዤ። በላስቲክ ሣጥን ያለ ቅቤ የተቀቀለ ምስር ሰጠኋት፤ በአዲስ ድስት ነው የሠራሁት አልኳት። እግዜር ይስጥልኝ ብላ ተቀበለችና ከመቀመጫው ሥር ገፋችው። ልጅቷ በእናቷ ትከሻ ላይ ራሷን ጥላ ወደ ውጭ ታያለች። ሚኒባሱ እስኪሞላ ብዙ ቆየን። ሲነሳ እማማ እጃቸውን አነሱ፤ እኔም አነሳሁ። ከመቀመጫው ሥር ያለውን ትከፍተው እንደሆነ በመስኮቱ ለማየት ጥቂት ሮጥኩ። አልታየኝም።